የአባቴ ሰማንያ አንድ በመቶ

አባቴ አቶ ሣህሉ ሐጂ ቲጃኒን በሩጫ ረታ የሚለው ወሬ ሰፈራችንን ሄርማታን ለማዳረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ወሬውን የወለድኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ እንዴት እንደተወለደ ብናገር ሐሜት አይሆንብኝም።

በጅማ የአንጋፋ ሯጮች ማኅበር አለን። ጠዋት ጠዋት እየተነፋነፉ ወደ ጅሬን ዳገት የሚወጡ ሃያ ምናምን ሰዎች ናቸው። በየዓመቱ ኅዳር ላይ በአጋሮ መንገድ አምስት ኪሎ ሜትር ሄደው አምስት ይመለሳሉ፤ አንደኛ የወጣ ዋንጫ ይወስዳል። ዋንጫውን ለሦስት ዓመት የወሰደው ፍሬዘር የሚባል የባንክ ሠራተኛ ነው። ዕድሜው ሠላሳ ስምንት ነው። ሽማግሌዎቹ በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት ስብሰባ ላይ አጉረመረሙ። ከልጃችን ጋር አሰልፋችሁ ተቀደማችሁ ትሉናላችሁ አሉ፤ እውነታቸውን ነው።

እኔ ኮሌጅ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ፤ ለማኅበሩም ሰዓት እመዘግባለሁ። ስለዚህ ሌላ አገር የሚሠራበትን የዕድሜ ስሌት አመጣሁላቸው። ነገሩ ከባድ አይደለም። ለወንድም ለሴትም፣ ለእያንዳንዱ ዕድሜ፣ ለእያንዳንዱ ርቀት፣ ከዓለም ምርጥ ውጤቶች ተነሥቶ የተቀመረ መለኪያ ሰዓት አለ። የስድሳ ዓመት ወንድ በአሥር ኪሎ ሜትር መለኪያው ሠላሳ ሁለት ደቂቃ ተኩል ግድም ነው። ያንን መለኪያ ሰውየው በሮጠበት ሰዓት አካፍሎ በመቶ ማባዛት ነው። መቶ ያገኘ በእድሜው የዓለም ቁንጮ ነው፤ ሰማንያ ያለፈ በአገር ደረጃ ስሙ የሚጠራ ነው፤ ሰባዎቹ ውስጥ ያለም ቢሆን አንገቱን ቀና አድርጎ መሄድ ይችላል። ሠንጠረዡ የጅማን ከፍታም ሆነ የአጋሮን መንገድ አቀበት አያውቅም፤ ግን ያ ለሁሉም እኩል ነው።

ሽማግሌዎቹ ወደዱት። ከዚያ ወዲያ ዋንጫው በመቶኛ የሚበልጠው ሰው ሆነ።

ሠንጠረዡ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሠራ ስመዘግብ ጥንቃቄዬን ማንም አይችለውም ነበር። እያንዳንዱን ሰው «በእኛ ነው በፈረንጅ?» እያልኩ አሰለቸሁት። የአባቴ የቅርብ ጓደኛ ሐጂ ቲጃኒ፣ እዚሁ ጅማ መርካቶ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ለሐጅ ያወጡትን ፓስፖርት ከፍተው ልደታቸውን አሳዩኝ፤ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አራት ይላል። አባቴን ብቻ አልጠየቅሁትም። የአባቴን የልደት ዓመት አጥቼው ነው? በቃሌ ከማውቀው ጻፍኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ተሮጠ። የቡና መኪኖች በበዙበት ወቅት ስለነበር ሯጮቹ አቧራ ለብሰው ገቡ። ፍሬዘር በሠላሳ ስድስት ደቂቃ ተኩል አንደኛ ገባ። ሐጂ ቲጃኒ በአርባ ሁለት ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ፣ አባቴ በአርባ ሦስት ደቂቃ ተኩል። ቁጥሮቹን አስገባሁና ውጤቱን አንብቤ አሰማሁ፦ ፍሬዘር ሰባ አምስት ነጥብ ሦስት፣ ሐጂ ቲጃኒ ሰባ ሰባት ነጥብ ሁለት፣ አቶ ሣህሉ ሰማንያ አንድ።

አባቴ አልገባውም። ደግሜ አነበብኩለት። ሐጂ ቲጃኒ «ማሻአላህ» ብለው አቅፈው ሲስሙት ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም ከአንጀቴ ደስ አለኝ፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው አሉ።

በማግሥቱ ቤታችን የጎረቤት መዓት ነበር። እናቴ ወርቅውሃ ቴሌቪዥኑ ላይ የነበረውን ጥልፍ አንሥታ ዋንጫውን አስቀመጠች። «ዕድሜውን ሙሉ የቲጃኒን ጀርባ ሲያይ የኖረ ሰው ነው፤ አንድ ቀን ፊቱን ቢያይ ምን አለበት?» አለች። ቀልድ ትመስላለች እንጂ እውነት ነው። አባቴ ከትምህርት ቤት ውድድር ጀምሮ ሐጂ ቲጃኒን ቀድሞ አያውቅም። ክፉ ቅናት አይደለም፤ ግን አለ፣ ሁላችንም እናውቀዋለን።

አባቴ ቆሞ ንግግር አደረገ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ሲናገር አልሰማሁትም።

«እኔና ቲጃኒ ማለት፣» አለ፣ «በአንድ አጥር፣ በአንድ ሳምንት ነው የተወለድነው። ሐምሌ ነው፣ ዝናብ ነው። አዋላጇም አንድ ናት። ከእሱ ቤት ወጥታ ሳትደርቅ ነው እኛ ቤት የገባችው ይላሉ።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን እጄ ላይ የያዝኩት ሳህን ከበደኝ። እኩያ ከሆኑ መለኪያቸው አንድ ነው። መለኪያቸው አንድ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ የገባው በመቶኛም ይበልጣል፤ ይህን ለማወቅ ስታቲስቲክስ መማርም አያስፈልግም። ሐጂ ቲጃኒ ከአባቴ በአንድ ደቂቃ ከሃያ አምስት ሰከንድ ቀድመው ሲገቡ ማኅበሩ በሙሉ አይቷል። ያነበብኩት ዝርዝር ላይ ስም፣ ሰዓትና መቶኛ እንጂ ዕድሜ ስላልነበረ ማንም አልጠየቀም። ኮምፒዩተር ያለውን ማን ይጠይቃል?

ጓዳ ገብቼ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ሐጂ ቲጃኒ፣ ስድሳ። አባቴ፣ ስድሳ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ መቶ አርባ ስድስት ብዬ ያስገባሁት ቤት ውስጥ ሲነገር የኖረው የእኛ ዓመተ ምሕረት ነበር። ሌላውን ሁሉ ጠይቄ የገዛ አባቴን ስምንት ዓመት አስረጀሁት። ለስድሳ ስምንት ዓመት ሰው መለኪያው ሠላሳ አምስት ደቂቃ አልፎ ይሄዳል፤ ሰማንያ አንድ የመጣው ከዚያ ነው። አስተካክዬ መታሁት። ሰባ አራት ነጥብ ሰባት። አንደኛ አይደለም። ሁለተኛም አይደለም፤ ፍሬዘርም ይበልጠዋል።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። አላፍርም፣ ዝም ብዬ ለመቅረትም አስቤ ነበር። ዋንጫው ቆርቆሮ ነው፤ ሐጂ ቲጃኒ ስምንት አላቸው። ግን ሰው ቢደርስበት ልጅ ለአባቷ ፈረደች ነው የሚባለው፤ ያኔ የሚያፍረው እሱ ነው። ደግሞ አባቴ ሰማንያ አንድን የስሙ ቅጥያ አደረገው። ስልክ ሲያነሣ እንኳ «ሰማንያ አንዱ ነኝ» ይላል። ቁጥሩ በሰነበተ ቁጥር ከላዩ ላይ መግፈፉ እየባሰ እንደሚሄድ ታወቀኝ።

ረቡዕ ነገርኩት። ጋዜጣውን አጠፈ፤ መልሶ ዘረጋ።

«አንቺ ባትነግሪኝ ማን ያውቅ ነበር?»

«እኔ።»

«አሁን እኔም አወቅሁ» አለ። «ደግ አላደረግሽም፣ ሔራን።»

በማግሥቱ ጠዋት ግን ኮቱን ለብሶ፣ ዋንጫውን በፌስታል አድርጎ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። «ላፕቶፕሽን ያዢ፤ በቃሌ ብቻ አያምነኝም» አለ። ባጃጅ ይዘን መርካቶ ወረድን።

ሐጂ ቲጃኒ የስፌት መኪናቸው ላይ ሱሪ እያጠበቡ ነበር። አባቴ ፌስታሉን ጨርቁ ላይ አስቀመጠና «ያንተ ነው። ልጄ ተሳስታ ነው» አለ። እኔ ተንተባትቤ አስረዳሁ። ሐጂ ቲጃኒ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ ከዚያ ትከሻቸው እየተነቀነቀ ሳቁ።

«እኔማ ወላሂ ግራ ገብቶኝ ነበር። ኮምፒዩተሩ ሣህሉ ላይ ያየው፣ እኔ ላይ ያጣው ነገር ምን ይሆን እያልኩ ነው የሰነበትኩት። ለካ እርጅና ነው።»

አባቴ አልሳቀም። ፊቱን አይቼ አሳዘነኝ። የሆነ ነገር ልሰጠው ፈለግሁና እንዲህ አልኩ፦ «አባዬ፣ ስሌቱ ሰውን ከሰው ብቻ አይደለም የሚያወዳድረው። የጥንት ሰዓትህን ብታስታውስ አንተን ከአንተም ያወዳድራል።»

«በሰባ ሁለት የአውራጃው ውድድር፣» አለ ወዲያው። «ያው በአጋሮ መንገድ። ሃያ አምስት ዓመታችን ነው። ሠላሳ ስድስት ደቂቃ ከአርባ።»

«ርቀቱ ልክ አሥር ነበር? ካልሆነ አይሠራም።»

«ልክ አሥር! አዘጋጆቹ በመኪና ሁለቴ ለክተውታል፤ እኔው አብሬ ተሳፍሬ ነበር።»

በሃያ አምስት ዓመት ለዕድሜ የሚታሰብ የለም፤ መለኪያው ሃያ ሰባት ደቂቃ የማይሞላው የምርጦቹ ሰዓት ራሱ ነው። አሰላሁት። ሰባ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ።

«አሁን ሰባ አራት ነጥብ ሰባት ነህ» አልኩት። «ሰዓትህ ወደ ሰባት ደቂቃ ጨምሯል፤ ለዕድሜህ ግን ከጎረምሳነትህ ትበልጣለህ።»

አባቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሁለቱን ቁጥሮች በጣቱ እየነካ ደጋግሞ አነበባቸው፤ ቀስ እያለም ፊቱ ፈታ። ከዋንጫው ቀን ደስታው ይህኛው ይበልጥ ነበር፤ ይሄኛው እውነት ነውና።

«በይ እንግዲህ የኔንም፣» አሉ ሐጂ ቲጃኒ እየሳቁ። «ያን ቀን አንደኛ ነበርኩ። ሠላሳ ሁለት ደቂቃ ከአሥር።»

ሳላስብ መታሁት። ሰማንያ ሦስት ነጥብ አንድ። ከጎኑ ያለው የአሁኑ ሰባ ሰባት ነጥብ ሁለት ነው። ላፕቶፑን ልዘጋው እጄን ብዘረጋም ቀድመው አይተውታል።

ሳቃቸው ቆመ። «ሰማንያ ሦስት ማለት፣» አሉ፣ «ያ አገር አቀፍ ያልሽው ነው?»

«አዎ፣ ሐጂ።»

«ያኔ አዲስ አበባ ላኩኝ ብዬ ነበር። አባቴ መኪናዋን ማን ይይዛታል አሉ።» የስፌት መኪናዋን መንኮራኩር በመዳፋቸው አሻሹ። «ቶሌ፣ ይሁን፤ ያለፈ ነው» ብለው ሱሪውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ቁጥሩን ባላወጣሁት ብዬ ተመኘሁ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለነገሩ፣» አለ፣ «ያ መንገድ አሥር አይሞላም ነበር።»

ዞሬ አየሁት። እሱ አላየኝም።

«እንዴት አይሞላም?» አሉ ሐጂ ቲጃኒ።

«አይሞላማ። የመኪናው ኪሎ ሜትር ቆጣሪ የተበላሸ ነበር። ማን በትክክል ለካው? ስምንትም፣ ዘጠኝም ይሆናል። ርቀቱ ካልታወቀ አይሠራም ብላለች፤ ያንተም የኔም ከንቱ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በተለመደው የትዕዛዝ ድምፁ «ሁለቱንም አጥፊያቸው» አለኝ።

ሐጂ ቲጃኒ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ምን እንዳመኑ አላውቅም። በመጨረሻ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው መለሱና «እኔም አጭር መስሎኝ ነበር» አሉ።

የሐጂ ቲጃኒን አጠፋሁ። የአባቴ ላይ ስደርስ ጣቴ እንቢ አለኝ፤ ትናንት የውሸቱን ገፍፌዋለሁ፣ አሁን ደግሞ የእውነቱን በገዛ ፈቃዱ አውልቆ እየሰጠኝ ነው። ቀና ብዬ ባየው ጊዜ በአገጩ ወደ ላፕቶፑ አመለከተኝ። አጠፋሁት።