የልጄ ድምፅ እንዳይቀዳ

መምህርቷ ደብዳቤውን አራት ጊዜ ጽፋ አራት ጊዜ ቀደደችው። አንዱ የፍርድ ቤት መጥሪያ መሰለባት፤ ሌላው የሰርግ ጥሪ። በመጨረሻ እንዲህ ብላ ላከችው፦

«የተከበራችሁ ወላጆች፤ የአራተኛ ክፍል ልጆቻችን ከወረቀት ቆርጠው በሠሯቸው እንስሳት አጭር የአኒሜሽን ፊልም እያዘጋጁ ነው። ለእንስሳቱ ድምፅ የሚሆኑት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። የልጅ ድምፅ የልጁና የቤተሰቡ ስለሆነ ያለ ፈቃዳችሁ አንቀዳም። ከታች ካሉት ሦስት ሳጥኖች በምትፈቅዱት ላይ ምልክት አድርጉ፦ እንዲቀዳ፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንዲሰማ፣ በትምህርት ቤቱ የኢንተርኔት ገጽ እንዲወጣ። ያልተፈቀደለት ልጅ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል፤ ውጤቱ አይነካም። ሐሳባችሁን በማንኛውም ጊዜ መቀየር ትችላላችሁ።»

ሠላሳ ስምንት ተማሪ ነበራት። የሠላሳ ሰባቱ ወላጆች በሳምንቱ ውስጥ መለሱ። አንዱ አባት ሦስቱንም ሳጥን ሞልቶ «ከተቻለ አንበሳው የኔ ልጅ ይሁን» ብሎ ከግርጌው ጻፈበት።

ሠላሳ ስምንተኛውን ወረቀት እናትየው ራሷ ይዛ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ነበር የመጣችው። ልጇን የክፍሉ ልጆች «ሬዲዮ» ይሏታል፤ አፏ ለአፍታ አያርፍም።

«መምህርት፣ አንዱም ሳጥን ላይ አልፈረምኩም» አለች በሩን ከኋላዋ ገፋ አድርጋ። «እንዳይቀየሙኝ።»

«ምን ቆርጦኝ! መብትዎ ነው።»

«አይ፣ ልንገርዎት። ካልነገርኳችሁ አትጠነቀቁም።» ወንበሩን አልተቀመጠችበትም፤ መደገፊያውን ብቻ ያዘችው። «አባቷን ጥለን ከወጣን ሁለት ዓመታችን ነው። ፍርድ ቤት እንዳይቀርበን አግዶታል። ወረቀት ግን በር አይዘጋም። ከተማ ቀይረናል፣ ስልክ ቀይረናል፣ እሷን በእኔ አባት ስም አስመዝግቤያታለሁ። ድምጿን ግን ምን አድርጌ ልቀይረው? የእሱ ጆሮ ደግሞ... ከሩቅ ይለያታል።»

መምህርቷ ፎርሙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አይቀዳም» ብላ ጻፈችና አሳየቻት። «በእኔ ይሁንብዎት።»

ሬዲዮ ያን ቀን አኮረፈች። በማግስቱ ግን የዔሊዋን እግሮች የማንቀሳቀስ ሥራ ሲሰጣት ኩርፊያው ጠፋ። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እግሩን በጣት ጫፍ ትንሽ ገፋ፣ እጅን ማንሳት፣ ፎቶ። እንደገና ገፋ፣ ፎቶ። ለአንድ ሰከንድ ስምንት ፎቶ፤ ለሁለት ደቂቃ ፊልም ወደ ሺህ የሚጠጋ። ሌሎቹ ልጆች ሲሰለቹ እሷ ምላሷን በከንፈሯ ዳር አውጥታ ዔሊዋን ወንዝ አሻገረቻት።

ድምፅ የሚቀዳበት ቀን ሬዲዮ ቤተ መጻሕፍት መቆየት ነበረባት። መምህርቷም እንደዚያ አስባ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ግን አልመጣችም፤ በሩ ተቆልፏል። «ከኋላ ቁጭ በይ፣ ትንፍሽ እንዳትዪ» አለቻት። ልጅቷም ሁለት እጇን አፏ ላይ ደርባ ተቀመጠች።

ዳክዬውን የሚሆነው ልጅ «ጎረቤቶቼ!» ማለት ሲገባው «ጎረምሶቼ!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። የሬዲዮም እጅ ከአፏ ላይ ተንሸራተተ። ሳቋ ሽቅብ ይወጣና መሐል ላይ እንደ ስርቅታ ይቆረጣል፤ ከዚያ እንደገና ይነሳል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መምህርቷ ቤቷ ተቀምጣ ድምፁን ከሥዕሉ ጋር ስታገናኝ ያንን ሳቅ ሰማችው። እንስሳቱ ሁሉ የሚስቁበት ቦታ ላይ ልክ ገብቷል። የአንዷን ብቻ ነጥላ ልታወጣው ሞከረች፤ ሁሉም በአንድ ማይክሮፎን የተቀዳ ነውና የአንዱ ሳቅ ሲወጣ የሁሉም ይወጣል። ሰኞ ሌላ ሳቅ አስቀዳች፤ ልጅ ሳቅ ተብሎ ይስቃል እንዴ? ደረቅ ሆነ። ፊልሙ ዓርብ ይታያል። «ከሠላሳ ስምንት ልጅ ሳቅ መሐል ማን ለይቶ ያውቀዋል?» አለች። የመጀመሪያውን መልሳ አስገባችው።

ዓርብ አዳራሹ ሞላ። እናትየው ሥራ በዝቶባት አልመጣችም። ርዕሰ መምህሩ በደስታ እጃቸውን እያፋተጉ «ዛሬውኑ ገጻችን ላይ ይውጣ! ፈቃዱ ተሟልቷል አይደል?» አሉ።

«ተሟልቷል፤ ያልፈቀዱት አንድ እናት ናቸው፤ ልጃቸው ደግሞ አልተናገረችም» አለች። አልዋሸችም፤ ሳቅ ግን ንግግር አይደለም ብላ ራሷን አታለለች።

ወላጆች ለዘመድ፣ ዘመድ ለወዳጅ እየላከው ፊልሙ ከገጹ አልፎ በየስልኩ ገባ።

በአሥረኛው ቀን ዘበኛው መጥተው ጠሯት። «አንድ ሰውዬ በር ላይ አለ። አለባበሱም ንግግሩም ያማረ ነው፤ ግን አልወደድኩትም።»

ሰውየው ስልኩን አውጥቶ ያንን ቦታ ከፈተላት። ሳቁ ወጣ፣ ተቆረጠ፣ ተነሳ።

«የኔ ልጅ ናት» አለ በለሆሳስ። «እናቴም እንደዚህ ነበር የምትስቀው።»

«የክፍሉ ልጆች ናቸው፤ ስለማንም ልነግርዎ አልችልም» አለችው። ዓይኗ ግን ከስልኩ ሸሸ። ሰውየው ፊቷን አየ፣ አየና ፈገግ አለ። «እግዜር ይስጥልኝ። ነግረሽኛል» ብሎ ሄደ።

እየሮጠች ገብታ ለእናትየው ደወለች። አባትየው በር ላይ መጥቶ እንደነበር ነገረቻት። ከስልኩ ማዶ የስፌት መኪናው ድምፅ ሲቆም ሰማች።

«አትቀዳም ብለውኝ ነበር።»

«ሳቋ ብቻ ነው... በክፍሉ ሳቅ መሐል... ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለፖሊስ እንደውል...»

«ፖሊስ እስኪመጣ እሱ ይመጣል። ልጄን በጓሮ በር አውጡልኝ።»

መምህርቷ ልጅቷን በወጥ ቤቱ በኩል አወጣቻት። ሬዲዮ ደብተሯን ረስታ ነበርና «ቲቸር፣ ነገ እወስደዋለሁ» አለች። እናትየው እጇን ጨምድዳ ይዛ ዞር ሳትል ሄደች። ፖሊስ በሰዓቱ አልደረሰም፤ ሲደርስም ስም ጽፎ ተመለሰ።

ፊልሙ ከገጹ ወረደ። መምህርቷ ለወላጆች ሌላ ደብዳቤ ላከች፤ ያላችሁን ቅጂ አጥፉ ብላ ለመነች። ገሚሱ እሺ አለ፤ ገሚሱ ዝም አለ። የአንበሳው አባት ግን «የልጄን ሥራ ለምን አጠፋለሁ? የላኩላቸውንስ ከየት ልሰብስብ?» ብሎ መለሰላት። እውነቱን ነው፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ርዕሰ መምህሩ ሊያጽናኗት «ማንም አይጠይቅሽም፣ ፎርሙ ያለው በእኛ እጅ ብቻ ነው» አሏት።

የልብስ ስፌቱ ሱቅ በሳምንቱ ለጫማ ጠጋኝ ተከራየ። ለልጅቷ መሸኛ ወረቀት ሊጠይቅ የመጣ አልነበረም። መምህርቷ ምክንያቱ ገባት፤ መሸኛው ላይ ወዴት እንደሚሄዱ ይጻፋል። ያለ መሸኛ ደግሞ የትኛውም ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል አይቀበላትም።

አንድ ጊዜ ብቻ ከማታውቀው ቁጥር ተደወለላት።

«እንዳይጨነቁ ብዬ ነው። አለን።»

«ልጅቷስ? ትምህርት...»

«ቤት ነው የምትውለው። ውጭ እንዳትጫወት፣ ድምፅ እንዳታሰማ ብያታለሁ።» አለች እናትየው። «ይቅር ልልዎት ነበር የደወልኩት። አቃተኝ።»

መምህርቷ መልሳ ስትደውል ስልኩ ጥሪ አይቀበልም ነበር። የመንፈቀ ዓመቱ ውጤት ሲሞላ ከሬዲዮ ስም ትይዩ ምክንያቱን እንድትጽፍ ቦታ ተትቶላት ነበር። ብዕሯን አነሳች። ከዚያ ሁሉም መምህር እንደሚጽፈው «አቋርጣለች» ብላ ጻፈችና ገጹን ገለጠች።