ተመልሰው ያልመጡ ላፕቶፖች

ገበያው ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ «ዳኛው» ነው የሚሉኝ። ያገለገለ ካሜራ ወይም ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው፣ ከሌላ ሱቅ ቢገዛ እንኳ፣ ዕቃውን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጥና «እስቲ ፍረድልኝ» ይላል። እኔም እፈርዳለሁ። መፍረድ ስወድ ለጉድ ነው።

ካሜራ ከሆነ መጀመሪያ የማየው ስንት ፎቶ እንዳነሳ ነው። እንደ መኪና ኪሎሜትር በሉት። ግን ቁጥሩን ብቻ ያመነ ሰው አለቀለት፤ ቦርዱ ከተቀየረ ቆጠራው ከዜሮ ሊጀምር ይችላል። አራት ሺህ ፎቶ ብቻ አነሳ የተባለ ካሜራ የቁልፎቹ ጽሑፍ ከጠፋና የእጅ መያዣው ላስቲክ ከላላ አንዱ እየዋሸ ነው፣ ላስቲክ ደግሞ አይዋሽም። ከዚያ በሌንሱ ውስጥ የእጅ ባትሪ አበራና እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ እፈልጋለሁ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ስንት ጊዜ እንደተሞላ አያለሁ፣ ማጠፊያውን እከፍታለሁ እዘጋለሁ፣ ከዚያ ከባድ ሥራ ሰጥቼ ሁለት ሰዓት አግለዋለሁ። የሚያጠፋ ከሆነ እዚያው ፊቴ ያጥፋ።

ከሁሉም በላይ የምኮራበት ግን ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ዝርዝር ነበር። የየዓይነቱ ስም በተርታ ተጽፏል። የሸጥኩት ዕቃ ተበላሽቶ በተመለሰ ቁጥር ከስሙ ጎን አንድ ጭረት አሰምራለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ አደረግኩ። ጭረቱ ያነሰው ከላይ፣ የበዛው ከታች። ሰው እየመጣ በስልኩ ፎቶ ያነሳው ነበር።

ከላይ የተቀመጠው «ብርማው» የምንለው ላፕቶፕ ነበር፤ ስስ፣ ቀላል፣ እንደ ማስታወሻ ደብተር ብብት ሥር የሚያዝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሁለት ጭረት። ከታች ያለው «ጥቁሩ» ነበር፤ መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው በጅምላ ገዝተው፣ ሦስት አራት ዓመት ሠርተውበት የሚጥሉት ወፍራም ላፕቶፕ። የዚህ ጭረት መስመሩን ሞልቶ ወደ ታች ወርዶ ነበር። ዛሬ የፊደል ቁልፉ ወለቀ ብሎ ይመጣል፣ ነገ ማራገቢያው ጮኸ ብሎ ይመጣል። እኔ ጥቁሩን የምሸጠው እያላገጥኩ ነበር።

እህቴ ታላቄ ናት። የሠርግና የምርቃት ፎቶ ታነሳለች፣ ቪዲዮም ትቀርጻለች። ከሁለት ዓመት በፊት አሮጌው ላፕቶፗ ሲሞትባት እኔ ጋ መጣች። ካሜራዋንም የመረጥኩላት እኔ ነኝ። ሱቄ ውስጥ ዞር ዞር አለችና ጥቁሩን አነሳች።

«ይኼ ሆዱ ይከፈታል አይደል? ዲስኩ ይወጣል?» አለችኝ።

«እትዬ፣ እሱ እኮ ጡብ ነው! ቤት ልትሠሪበት ነው?»

«አንድ ነገር ቢሆን ሥራዬን ላወጣበት ብዬ ነዋ።»

«ይኸው ብርማው። እሱ ስለማይበላሽ የምታወጪው ነገር አይኖርም።» ዝርዝሩን በጣቴ አሳየኋት።

ሳቀችና ብርማውን ይዛ ሄደች።

ባለፈው ዓመት እናታችን ታመመች። ሐኪሙ ከእህቴና ከእኔ ጋር ለብቻችን ሲያወራ ነገሩ ገባን። እህቴ ያን ቀን አላለቀሰችም። ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ግን ካሜራዋን እናቴ አልጋ አጠገብ ተከለች። እናቴ በየመሀሉ እያረፈች ታወራለች፤ ልጅነቷን፣ አባታችንን እንዴት እንዳገኘችው፣ እኔ በሦስት ዓመቴ የጎረቤት ሬዲዮ ፈታትቼ እንዴት ሰፈሩን እንዳስጮህኩ። እህቴ ማታውኑ ቪዲዮውን ወደ ላፕቶፑ ትገለብጥና የካሜራዋን ካርድ አጥፍታ ለሠርግ ሥራ ትይዘዋለች። አሥራ ዘጠኝ ቅዳሜ ቀረጸች። እኔ ሱቅ አለብኝ እያልኩ የተገኘሁት አራቱን ብቻ ነው።

አንድ ቀን ስልክ ደወለችልኝ።

«ወንድምዓለም፣ የእማዬን ቪዲዮ በትርፍ ዲስክ ላይ ደግሜ ባስቀምጠው ምን ይመስልሃል?»

ቀኑ አልተመቸኝም ነበር፤ ደንበኛ አናዶኛል። «ካላመንሽኝ ግዢ» አልኳት።

ቅር እንዳይለኝ ብላ ሳትገዛ ቀረች። ይኼን ነገር እስከ ዛሬ ድረስ ሳስበው አፌን በቆረጠው እላለሁ።

እናታችንን ከቀበርን ሦስት ሳምንት ሆኖን ነበር። ጠዋት ሱቅ ከፍቼ ጠረጴዛውን እየወለወልኩ ሳለ እህቴ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ ገባች። ሰላም እንኳ አላለችኝም።

«አልበራ አለኝ» አለች።

ቻርጀሩን ቀየርኩ። ቁልፉን ተጭኜ ቆጠርኩ። ሌላ ስክሪን አገናኘሁ። ሆዱን ፈትቼ ባትሪውን ነቀልኩና ደግሜ ሞከርኩ። ምንም የለም፤ መብራት እንኳ ብልጭ አላለም። እህቴ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ እጄን ታያለች። እኔ የእሷን ፊት ላለማየት አንገቴን አላቀናሁም።

«ቪዲዮው ሁሉ እሱ ላይ ነው» አለች፣ የማላውቅ ይመስል።

ይዤው ሁለት በር አልፎ ወደሚሠሩት ሽማግሌ ሄድኩ። ቦርድ የሚበይዱ፣ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰው የሚውሉ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። እኔ ዕቃ እመርጣለሁ እንጂ ቦርድ አልነካም፤ እሳቸው ደግሞ ወሬ አይወዱም፣ ስለዚህ ለዓመታት ከሰላምታ ያለፈ ነገር አላወራንም። ቦርዱን አውጥተው ከመሣሪያው ሥር አደረጉት። ብዙ አልቆዩም።

«የኃይል መስመሩ ተቃጥሎ ወደ ፕሮሰሰሩ አልፏል። ሞቷል» አሉ።

«ቦርዱ ይሙት ጋሼ፤ እኔ የምፈልገው ውስጡ ያለውን ነው።»

«የምልህም እሱን ነው። የዚህ ማስቀመጫው ለብቻው የሚወጣ ዲስክ አይደለም፤ ቺፑ ቦርዱ ላይ ተበይዷል። የተጻፈው ደግሞ ተቆልፎ ነው፣ ቁልፉም ያለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። ቺፑን ነቅዬ ብሰጥህ የምታነበው ነገር የለም።»

«ይኼ ዓይነት እኮ አይበላሽም!» ጮህኩ መሰለኝ። «ሰባት ዓመት ሸጬዋለሁ። ሁለት ብቻ ነው የተመለሰብኝ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር አንድ ካርቶን ጎተቱ። ውስጡ የብርማው ክዳንና ቦርድ ተደራርቧል። ክዳኖቹ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ሰማያዊ ወረቀት ለማወቅ ማንበብ አላስፈለገኝም። የሱቄ ዋስትና ነው። ሦስት ወር ይላል።

አሥራ አንድ ቆጠርኩ።

«በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ዓመት ነው የሚመጡት» አሉ። «ሲሞት አንዴ ነው የሚሞተው። ዋስትናው አልፏል፣ የሚጠገንም የለው፤ አንተ ጋ ምን ሊያደርጉ ይመለሳሉ? እዚሁ ጥለውልኝ ይሄዳሉ። አንተ ጋ ተመልሶ የሚመጣው የሚጠገነው ነው።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ያ ሁሉ የጥቁሩ ጭረት ምን እንደነበር እዚያ ቆሜ ገባኝ። ጥቁሩ ቁልፉ ይወልቃል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ሰውየው ተሸክሞት ይመጣል፣ በአምስት ብሎን ከፍቼ አስተካክዬ እመልስለታለሁ። ቦርዱ ቢሞት እንኳ ዲስኩን መዝዤ ሌላው ላይ እሰካዋለሁ። እኔ ስቆጥር የኖርኩት ታመው የመጡትን ነው። የሞቱትን አንድም ቀን አልቆጠርኩም።

ከጋሼ ሱቅ እስከ እኔ ሱቅ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ያን ቀን ረዘመብኝ። እህቴ እንደተቀመጠች ነበረች። ፊቴን ስታይ ተነሳች።

«አይሆንም?»

«አይሆንም እትዬ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን መልሳ ተቀመጠችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ድምጿ እኮ ነው» አለች። «ፎቶስ አለኝ። ድምጿ እኮ ነው።» እኔም አልቻልኩም፤ ሰው ፊት አላለቅስም የምለው ሰውዬ በሩን ሳልዘጋ አለቀስኩ።

ትንሽ ቆይቼ የካሜራዋ ካርዶች ትዝ አሉኝ። ካሜራዋ ደህና ነው፤ እሱን እንኳ በትክክል መርጬላት ነበር። ካርድ ሲጠፋ የሚሰረዘው እንደ መጽሐፍ ማውጫው ነው፤ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ገጹ አለ። ከቦርሳዋ ያወጣቻቸውን ሁለት ካርዶች ምንም ነገር እንዳይጻፍባቸው ቆልፌ፣ የጠፋ ፋይል የሚፈልገውን ፕሮግራም አስነሳሁ። ያስነሳሁት ደግሞ በጥቁሩ ላይ ነው፤ ሱቁ ውስጥ የካርድ መክተቻ ያለው ሌላ አልነበረም። እህቴ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

የወጣው ሠርግ ነው። ኬክ፣ ሙሽራ፣ የማናውቃቸው ሰዎች ሲጨፍሩ። ገሚሱ ፎቶ ከወገቡ በታች ግራጫ ነው። እህቴ ለእንጀራዋ ስትል በእናታችን ላይ የሰው ሠርግ ደራርባ ጽፋበታለች፤ ምን ታድርግ? እስከ ቀትር ድረስ እንዲሁ ስናይ ቆየን። በሁለተኛው ካርድ መጨረሻ ላይ አንድ አጭር ቪዲዮ ሳይነካ ተገኘ። አሥራ አንድ ሰከንድ። እህቴ ካሜራውን እያስተካከለች የሞከረችበት ነው፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ።

እናቴ ትራሷን ተደግፋለች። ካሜራውን በጥርጣሬ ታየዋለች።

«እንዲህ ለፍልፌ ለፍልፌ ቢጠፋብሽስ?»

«አይጠፋም እማዬ። ላፕቶፔ ላይ ነው የማስቀምጠው።»

«ማን መረጠልሽ?»

«ልጅሽ ነዋ።»

እናቴ ፊቷ በራ፤ ትራሷ ላይ ተመቻቸች። «እንግዲያማ አይጠፋም» አለች። «እሱ ዕቃ ያውቃል።»

እዚያ ላይ ያቆማል።

እህቴ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገችና አላነሳችም። እኔ ዞሬ ላያት አልቻልኩም። ቪዲዮውን አራት ቦታ ገለበጥኩት፤ በጥቁሩ ዲስክ፣ በሁለት ትርፍ ዲስኮች፣ በአዲስ ካርድ። ጥቁሩን አቅፋው ሄደች።

ዝርዝሩን ያን ቀን ቀደድኩት። ሰው አሁንም ዕቃውን አምጥቶ «ዳኛው፣ የትኛው ነው የማይበላሽ?» ይለኛል። የማይበላሽ የለም እለዋለሁ። ከዚያ ምን ልታስቀምጥበት ነው ብዬ እጠይቀዋለሁ፤ ብዙው ሰው ምን አገባህ ይለኛል።