በአንድ ቡኮ ስንት ጣሪያ

አጎቷ ብዕሩን ከፍቶ ነበር የጠበቃት። ለአንድ የመጠጥ ፋብሪካ የቧንቧ ማሸጊያ የጎማ ቀለበት ሊያቀርብ ነው፤ ከጥቂት ሠራተኞችና ከአንድ አሮጌ ማሽን ሌላ የሌለው ወርክሾፑ እንዲህ ያለ ደንበኛ አግኝቶ አያውቅም። ጠበቃ ከሆነች ወዲህ ዘመድ ሁሉ የሚያስታውሳት ሊፈርም ሲል ነው። ውሉን ቆማ አነበበችው።

«አሥራ አንደኛውን አንቀጽ አየሽው? ኃላፊነቴ ከዓመቱ የውል ዋጋ አያልፍም። ጣሪያ አበጁልኝ፤ ደጎች ናቸው።»

«ደግነት በአንቀጽ አይመጣም፣ ጋሼ።»

ጣሪያው ግን ክፉ አልነበረም። ቀለበቱ ተሰንጥቆ ፋብሪካው ሥራ ቢያቆም የሚደርሰው ኪሳራ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል፤ ገደብ ባይኖር ወርክሾፑ ከነመኖሪያ ቤቱ ይሄድ ነበር። የአጎቷም ኢንሹራንስ በዓመት በድምሩ የዚያኑ ያህል ይሸፍናል። ልከኛ ነው፣ ፈርም ልትለው ስትል «ለእያንዳንዱ ጉድለት» የምትለውን ሐረግ አየች።

«ጎማውን በስንት ጊዜ ነው የምታቦካው?»

«በወር አንዴ። ማሽኑን ማጠብ ቀን ይፈጃል። በየሳምንቱ የምልከውን የወሩን ጭነት ሁሉ ከአንዱ ቡኮ እቆርጣለሁ።»

«ቡኮው ቢበላሽስ?»

«አይበላሽም።»

«ቢበላሽ።»

«የወሩ ጭነት ሁሉ…»

«እያንዳንዱ ጭነት ለብቻው ጉድለት ነው ሊሉህ ይችላሉ። ለእያንዳንዱ አንድ ጣሪያ። ኢንሹራንስህ የሚከፍለው ግን አንዱን ነው።»

አጎቷ ብዕሩን ከደነ። «ካስቸገርኳቸው ለሌላ ይሰጡታል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ትያለሽ፤ የዘገየስ የሚለቅመውን የት ያገኛል?»

የፋብሪካው ግዢ ኃላፊ ዘንድ ደወለች፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፈተችው።

«ጣሪያውን ዝቅ አድርግ ልትይኝ ነው?» አለ ሰውዬው፣ ስለ አሥራ አንደኛው አንቀጽ መሆኑን ስትነግረው።

«ቁጥሩን አልነካም። ‹በውሉ ዓመት በጠቅላላው› ይባልልን።»

«በጠቅላላው አይሆንም፤ አለቆቼ አይሰሙኝም። ከአንድ ምንጭ የመጣ ጉድለት ሁሉ እንደ አንድ ይቆጠር እላለሁ። ከዚያ ፈቀቅ አልልም።»

«መልሰን እንደውላለን» ብላ ዘጋችው።

«ምን ማለት ነው?» አለ አጎቷ።

«አንድ ቡኮ ቢበላሽ አንድ ጣሪያ፣ ኢንሹራንስህ ይችለዋል። በዓመቱ ሁለተኛ ቡኮ ቢበላሽ ግን የሚሄደው ቤትህ ነው። ይበላሽ አይበላሽ እኔ ውል አንብቤ ልነግርህ አልችልም። ጎማህን የምታውቀው አንተ ነህ።»

አጎቷ ወደ ቀለበቶቹ መደርደሪያ ሄደ። አንዱን አንስቶ ለጠጠው፣ ለቀቀው። በጎማው ይምላል፤ ጥሬ ዕቃውን በሚያመጣው ነጋዴ ግን አይምልም። ከዚያ ስልኩን ወደራሱ ስቦ ራሱ ደወለ።

«ያልከውን ተቀብያለሁ» አለ ግዢ ኃላፊውን። «ግን ኢንሹራንሴን እጥፍ ላደርገው ነው። ወጪውን በቀለበቱ ዋጋ ላይ እጨምረዋለሁ። በጠቅላላው ብትሉኝ ኖሮ አልጨምርም ነበር።»

ሰውዬው የሆነ ነገር ሲጽፍ ተሰማ።

«ስንት ነው የምትጨምረው?» አለ።