ሰምቶኛል፤ አትደውዪለት

ልብስ ሰፊው ሥራ ሲበዛበት የሚደበቅ ሰው ነበር። ድሮ ቀጠሮ ያለፈበት ደንበኛ ሲመጣ ከልብስ መለኪያው መጋረጃ ጀርባ ይገባ ነበር፤ በኋላ መጋረጃውን ወደ ስልኩ አዛወረው። መልእክት መላላኪያው ላይ መጨረሻ የታየበትን ሰዓት ደበቀ፤ መስመር ላይ መሆኑንም ደበቀ፤ ማንበቡን የሚያሳብቁትን ሰማያዊ ምልክቶች አጠፋ። «እየጻፈ ነው» የሚለው ብቻ መዝጊያ አጣለት። ለሱም ዘዴ አበጀ፦ መልሱን ማስታወሻ ላይ ጽፎ ይጨርስና ለጥፎ ይልከዋል፤ ቢታይም ለቅጽበት ነው። በምትኩ እሱም የሌላውን ሰው ሰዓት ማየት ቀረበት። «ምን ገደደኝ!» አለ።

አንድ ሰኞ ጠዋት የሙሽራዋ እናት በሩ ላይ ቆመች።

«ቀሚሱስ?»

«እመቤቴ፣ መልእክትሽን አላየሁትም እኮ። ይሄ ስልክ…»

«ተው እንጂ! በሠርጉ ቡድን የላክሁትን ልኬት ልጄ ተጭና አሳየችኝ። ስምህ ከነሰዓቱ ‹አንብበዋል› ከሚለው ሥር ተቀምጧል። በግል ብትደበቅ በቡድን አትደበቅም።»

«ተያዝኩ በይኛ!» ብሎ ሳቀ። «ነገ ይደርሳል።»

«የልብስ ሰፊ ነገ ዓመት ነው፤ የልጄ ሠርግ ግን ቅዳሜ ነው።»

ከሄደች በኋላም ብቻውን ሳቀ። የቡድን ነገር ነው፣ ሌላው ዝግ ነው ብሎ ልቡን አሳረፈ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ታላቅ እህቱ የድምፅ መልእክት ላከችለት። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ መጻፍ ትታ በድምፅ ነበር የምትልክለት። እሱ ካውያውን እንደያዘ በሌላ እጁ ነካው።

«ወንድምዬ፣ ሐሙስ ጠዋት ቀዶ ሕክምና እገባለሁ። ቀላል ነው ይላሉ። እኔ ግን ፈርቻለሁ፣ መፍራቴን ለልጄ አልነገርኳትም። ሳልገባ ፊትህን ልየው። ረቡዕ ና እሺ?»

ካውያውን አቁሞ ደግሞ ሰማው። እመጣለሁ ቢላት ቀሚሱ ሊቀር ነው፤ አልችልም ቢላት ልቧ ይሰበራል። ዝም ካለ ግን አላየም ማለት ነው፤ ማን ያውቅበታል? ሐሙስ ማታ ቀሚሱን ጨርሶ፣ ከተኛችበት ሄዶ «አሁን ገና አየሁት» ይላታል። ስልኩን ጨርቅ ሥር ወሸቀው።

እህቱ ከቀዶ ሕክምናው ሳትነቃ ቀረች።

ለቅሶ ቤት ደረቱን እየመታ «መልእክቷን ሳላየው!» ሲል ያላለቀሰ አልነበረም። የእህቱ ሽማግሌ ጎረቤት ትከሻውን ይዞ አባበለው። «ምን ታደርግ ልጄ! ብትሰማ ኖሮ በክንፍ ትመጣ ነበር።» ለሚመጣው ሁሉ ይኸንኑ ይደግማል። እያንዳንዱ ማጽናኛ እንደ መርፌ ወጋው።

በሦስተኛው ቀን የእህቱ ልጅ ወደ ጓዳ ጠራችው። የእናቷን ስልክ ይዛለች።

«አጎቴ፣ መልእክቷ ጎን ያለችውን ይቺን ትንሽ የማይክራፎን ምልክት አየሃት?»

«አየኋት።»

«አንተ ሳትሰማው ግራጫ ናት፤ ስትሰማው ሰማያዊ ትሆናለች። የማንበብህን ምልክት ብታጠፋም እሷ አትጠፋም።» መልእክቱን ተጭና አሳየችው። ተደምጧል፣ ሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።

የዱቄት በርሜሉ ክዳን ላይ ተቀመጠ።

«እሷ… ታውቅ ነበር?»

«ሰኞውኑ ስልኩን ዓይኗ ድረስ አስጠግታ አይታዋለች። ልደውልልህ ሦስት ጊዜ ስልክ አነሳሁ። ሦስቱንም ጊዜ ከለከለችኝ። ‹ሰምቶኛል፤ አትደውዪለት። መልስ መስጠት ያዳግተዋል እንጂ ሰምቶ አይቀርም። መንገድ ላይ ነው› አለችኝ።» ልጅቷ አፍንጫዋን ጠረገች። «ረቡዕ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ፀጉሯን ታስተካክል ነበር።»

ልብስ ሰፊው እጁን አየ። ያን መልእክት ባይነካው ኖሮ ማይክራፎኗ ግራጫ ትቀር ነበር፤ ልጅቷም ትደውልለት ነበር። የልጅቷን ድምፅ በስልክ ቢሰማ ደግሞ፣ ራሱን ያውቀዋል፣ መቀሱን ጥሎ ይሮጥ ነበር። እህቱን ያስጠበቃት ዝምታው ብቻ አይደለም፤ መስማቱ ነው። ተስፋ ሰጥቷታል።

«ለሰው ነግረሻል?»

«ለማንም። መንገሩ የአንተ ነው።»

ወደ ሳሎን ተመለሱ። ሽማግሌው ጎረቤት ለአዲስ ለቀስተኛ እያስረዳ ነበር፦ «ምስኪን፣ መልእክቷ እኮ አልደረሰውም…»

«ደርሶኛል» አለ ልብስ ሰፊው እንደቆመ። «ሰኞ ነው የሰማሁት። ሁለት ጊዜ ሰማሁት።»

ሽማግሌው ወደ እሱ ዘወር አለ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልካት?»

«መስማቴን የማታውቅ መስሎኝ ነው።»

የእህቱ ልጅ ብቻ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችለት፤ እሱ ግን መቀመጥ አቃተው።