ሦስት እጥፍ

በሩ እስከ ግማሽ ተከፈተና ከአንድ ጠንካራ ነገር ጋር ተጋጭቶ ቆመ። ሶፋ ሰፊዋ የታጠፈውን ፍራሽ እንዳቀፈች በጎን ሾልካ ገባች፤ ቀና ስትል ያየችው ከወለል እስከ ኮርኒስ የቆመ አዲስ ቁም ሳጥን ነበር። የእንኳን ደስ ያለሽ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ።

«ወንድሜ ነው ያመጣልኝ» አለች ጓደኛዋ አልጋው ላይ እንደተቀመጠች። በቁመቷ የተነሳ ከተማሪነታቸው ጀምሮ ቀጭኔ ነበር የሚሏት። «ጠዋት በጣውላ በጣውላው አስገብቶ እዚሁ ገጠመው። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፣ አየሽ?»

ሰፊዋ አላየችም። እሷ የምታየው ከቁም ሳጥኑ በታች የጠፋውን ወለል ነበር።

ቀጭኔ ከባሏ ከተለየች ወዲህ የተከራየችው የመጀመሪያ ክፍሏ ነው። ሹፌሩ ባሏ ነገ ሲነጋ ወደተዛወረበት ከተማ ይሄዳል። ልጃቸውን ለእናቷ የሚተውላት ልጅቷ የራሷ መኝታ ካላት ብቻ መሆኑን በሽማግሌዎች ፊት ተናግሯል፤ ዛሬ ከሰዓት ክፍሉን ሊያይ ይመጣል። ሁለተኛ አልጋ አይገባም። ስለዚህ ሰፊዋ ባለፈው ሳምንት ወለሉን በሚያጸዱበት ሰዓት ከአልጋው ግርጌ እስከ ግድግዳው ድረስ በክር ለክታ፣ ጫፉን ቋጥራ ኪሷ ከተተች። ለጓደኛዋ፣ «የልጅቷን መኝታ ለኔ ተይው» ከማለት በቀር ምንም አላለቻትም። ድንገት ልታስደስታት ፈልጋ ነበር።

ከሱቋ ካለው ስፖንጅ ጠንካራውን መረጠች፤ ለስላሳው በወሩ ይሰረጉዳል። በሦስት እኩል ቆርጣ፣ ልጅቷ ብታበላሸው ወልቆ እንዲታጠብ ዚፕ ያለው ልብስ ሰፋችለት። የመጀመሪያውን መጋጠሚያ በላይ በኩል፣ ሁለተኛውን በታች በኩል ያዘችው፤ ሁለቱም በአንድ ወገን ቢሰፉ ሦስተኛው ክፋይ ከላይ አይተኛም። ቀን ተደራርቦ መቀመጫ፣ ማታ ተዘርግቶ አልጋ ይሆናል።

አሁን ክሩን አውጥታ ዘረጋችው። ቋጠሮው ያርፍ የነበረበት ቦታ ቁም ሳጥኑ ሆድ ውስጥ ነበር።

«ይውጣ» አለች።

«በኮላ ነው የገጠመው። በሚስማርም መቶታል። ካልተሰበረ በበሩ አይወጣም።»

«ይሰበራላ!»

ቀጭኔ አንገቷን ደፋች። «ዘመዶቼ ሁሉ ፊታቸውን ሲያዞሩብኝ እሱ ብቻ ነው ከጎኔ የቆመው። ላቡን እየጠረገ፣ ‹እህቴ ልብሷን በፌስታል አታንጠለጥልም› አለኝ። ምን ብዬ ልስበረው?»

አልጋውን በራስጌው ሊያቆሙት ሞከሩ፤ ኮርኒሱ አጠራቸው። ላብ በላብ ሆነው መልሰው ሲያስቀምጡት በሩ ተንኳኳ።

ሹፌሩ የልጁን እጅ እንደያዘ በጎን ገባ። አራት ሆነው ሲቆሙ መዞሪያ ጠፋ። ሰፊዋ ፈጥና ፍራሹን ዘረጋች። ሁለቱ ክፋዮች ወለሉ ላይ ተኙ፤ ሦስተኛው ቁም ሳጥኑን ተደግፎ ቆመ።

ሰውየው ፍራሹን አየ፤ ቁም ሳጥኑን አየ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሰፊዋን ያናደዳትም ይኸው ነው።

«የት ልትተኛ ነው?» አለ።

ልጅቷ ጫማዋን አወለቀች። ፍራሹ ላይ በጎኗ ተኛችና ጉልበቶቿን እስከ አገጯ ሰበሰበች።

«አባዬ፣ ይኸው በቃኝ።»

«ልጅ ያድጋል፣ የኔ እመቤት።»

«ቀስ ብዬ ነው የማድገው።»

ሹፌሩ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። «ሰፋ ያለ ቤት ስታገኚ ትመጣለች» አለ፤ ለቀጭኔ ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የልጁን ጫማ አሰረላት። እናቷ አቅፋ ሳመቻት፤ አላለቀሰችም፣ ወይ አልቻለችም። ልጅቷ ከበሩ እስክትወጣ ድረስ ዓይኗን ከፍራሹ ላይ አላነሳችም።

የእግራቸው ኮቴ ከጠፋ በኋላ ሰፊዋ መናገር ፈለገች። ልኩን ቀድማ ነግራት ቢሆን ኖሮ ወንድሟም ያውቅ ነበር። ግን ምላጯን አውጥታ የሦስተኛውን ክፋይ ስፌት ልትተረትር ተንበረከከች።

«ተይው» አለች ቀጭኔ።

ቁም ሳጥኑን ከፍታ ልብሶቿን አንድ በአንድ እያወጣች አልጋው ላይ መደርደር ጀመረች። ባዶ ሲሆን አዲሱን በር በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ከጎረቤት መዶሻ ለምኚልኝ።»

«ነገ እኮ በማለዳ ነው የሚሄዱት።»

«አውቃለሁ» አለች፤ «ለምኚልኝ።»