የተያዘው ስድሳ አራት ሺህ ብር

ጋሼ ኦይታ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ሲቀላ ገበያ ውስጥ ሱቅ ይዤ ጩኸት አልፈራም፤ ሰው ይጮህብኛል፣ እኔም እጮኻለሁ፣ ይወጣልናል። እሳቸው ግን ዓርብ ጠዋት ገብተው ተቀመጡና ስልካቸውን ባንኮኒው ላይ አኖሩልኝ።

"ፈሪዳ ልጄ፣ እስቲ እዪልኝ" አሉ።

አየሁት። ስድሳ አራት ሺህ ብር፣ የእኛ ሱቅ ስም። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ስድሳ አራት ሺህ ብር፣ አሁንም የእኛ ሱቅ ስም። የገዙት ግን አንድ ጊዜ ነው፤ ሐሙስ ከሰዓት፣ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ላለው ቤተ ክርስቲያናቸው አንድ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከር፣ በካርድ።

ጋሼ ኦይታ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የጉባኤውም ገንዘብ ያዥ። ምእመናኑ ያዋጡት ገንዘብ ያለው እሳቸው ስም በተከፈተ ሂሳብ ውስጥ ነው፤ ከድምፅ መሣሪያው የተረፈውም ለጣሪያ ቆርቆሮ የታሰበ ነበር። ከእሳቸው በፊት የነበረው ገንዘብ ያዥ የሰበሰበውን ይዞ ጠፍቷል። እሑድ ደግሞ ቆመው ሪፖርት ያቀርባሉ። ስድሳ አራት ሺህ የጎደለውን ቀሪ ሂሳብ ይዘው ቢቆሙ ምን እንደሚባሉ መናገር አያስፈልገኝም፤ የሰው አፍ መች ይከደናል!

"ጋሼ፣ እኔ ሁለቴ አልወሰድኩም!" አልኩ፣ ደሜ ፈልቶ።

"መች አልኩሽ?" አሉ። ይኼ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

ከጓሮ በኩል አማቼ ሀጂ ሙደሲር ብቅ አሉ። ሱቁ የእሳቸው ነው፤ ባሌ ሙስጠፋ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ወጥቶ ስለነበር እኔና እሳቸው ነበርን። ነገሩን ሰምተው ሳይጨርሱ "የሰው ሐቅ ቤቴ አያድርም፤ መሳቢያውን ክፈቺ፣ የጎደለውን ከጎረቤት ተበደሪና መልሺላቸው" አሉኝ።

ጋሼ ኦይታ ተነሡ። "አይሆንም ሀጂ። ገንዘቡ እርስዎ ጋ ካልገባ፣ ያልበሉትን ሊከፍሉኝ ነው። እኔም ሌባ ልሆን ነው።"

አንዱ ይገፋል፣ አንዱ ይመልሳል። ቀኑን ሙሉ በአምስት ብር ከሚከራከረኝ ሰው ጋ የምውል ሴት ነኝ፤ ገንዘብን እንዲህ እንደ ፍም የሚሸሹ ሁለት ሽማግሌዎች ሳይ ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም።

"ሁለታችሁም ተቀመጡ" አልኩ፣ "መጀመሪያ እንይ።"

ከካርድ መክፈያው ከፖስ ማሽኑ የሐሙስን ዝርዝር አወጣሁ። ትዝ አለኝ፤ መጀመሪያ ካርዱን ስናስገባ ኔትወርክ ተቋርጦ ማሽኑ "አልተሳካም" ብሎ ነበር። ደግመን ሞከርንና ደረሰኝ አወጣ። በዝርዝሩ ላይ የጸደቀው ሽያጭ አንድ ብቻ ነው፣ አንድ የማጽደቂያ ቁጥር። የጋሼ ኦይታን ስልክ መልሼ ሳየው ደግሞ አንደኛው መስመር "ተጠናቋል" ይላል፤ ሌላኛው "በሂደት ላይ"።

"ይኸው" አልኳቸው። "የመጀመሪያው ጥያቄ ባንክዎ ደርሷል፤ ባንኩም ገንዘቡን ለእኛ ብሎ ይዞታል። መልሱ ግን እኛ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀረ። ስለዚህ ታግዷል እንጂ አልተከፈለም። ማሽኑ ሁለት የጸደቀ ሽያጭ፣ ሁለት የተለያየ ቁጥር ቢያሳይና ሁለቱም ሂሳባችን ውስጥ ቢገቡ ኖሮ፣ ያኔ በእርግጥ ሁለቴ ከፍለዋል፤ እኛም ተመላሽ እናደርግልዎ ነበር። አሁን ጥሬ ብር ብሰጥዎ ግን እግዱ ሲለቀቅ እጥፍ ይይዛሉ።"

ሦስታችንም ወደ ባንካቸው ሄድን። የካርድ ክፍሏ ኑሃሚን ኮምፒውተሯን አይታ ይህንኑ አለች፦ ሱቁ ስላልጠየቀበት ገንዘቡ አልወጣም፣ ቀኑ ሲሞላ እግዱ በራሱ ይነሣል።

"ለእሑድ ይደርሳል?" አሉ ጋሼ ኦይታ።

"ላይደርስ ይችላል። ደብዳቤም ከፈለጉ ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የሚመጣው፤ በሚቀጥለው ሳምንት።"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሑድ ግን እስኪጠራ አይጠብቅም። ጋሼ ኦይታ አመስግነው ወጡ። ጀርባቸው ጎብጦ ወደ ሚኒባሱ ሲሄዱ አየኋቸው።

እሑድ ጠዋት አማቼ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው "ተነሺ፣ ሴቻ እንወጣለን" አሉኝ።

"ምን ልናደርግ?"

"የሸጥኩት እኔ ነኝ። ምስክሩም እኔ ነኝ።"

ጉባኤው ሞልቶ ነበር። እኛ ስንገባ ጋሼ ኦይታ ቆመዋል፤ ያው የሚያውቁትን ይናገራሉ፣ ሰዉ ግን እየሰማቸው አይደለም። "ታግዷል ማለት ምን ማለት ነው? የጠፋውም ገንዘብ ያዥ መጀመሪያ እንዲሁ ሲል ነበር!" ይላል አንዱ። ኤፍሬም የሚባሉት ሽማግሌ፣ ከሁሉም ጠንካራው፣ "መምህር፣ በቃል ሳይሆን በሚታይ ነገር" አሉ።

አማቼ እጃቸውን አወጡ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያቸው። "ሙደሲር እባላለሁ፤ ዕቃውን የሸጥኩት እኔ ነኝ" አሉና በመቀመጫዎቹ መካከል አልፈው ወደ ፊት ሄዱ። "ሁለቴ ከፍለው ከሆነ ሁለተኛው የሚገኘው እኔ ጋ ነው፤ ሌላ የሚገባበት ቤት የለውም። ካርድ ማሽኑ የሚያስገባው በዚህ ሂሳብ ነው። ከሐሙስ እስከ ትናንት ያለው ይኸው፣ ያንብቡት። ጮክ ብለው።" ከኪሳቸው ያወጡት የባንክ ዝርዝር ነበር፤ ቅዳሜ ብቻቸውን ሄደው ያሳተሙት።

እኔ አፌን ያዝኩ። ነጋዴ ሂሳቡን ለሚስቱም አያሳይም። የአማቼን ሂሳብ ልጃቸው ሙስጠፋ እንኳ አይቶ አያውቅም።

ኤፍሬም መነጽራቸውን አድርገው ከላይ ጀመሩ። አንድ በአንድ ሲያነቡ የስድሳ አራት ሺህ ገቢ አንዴ ብቻ ተሰማ። ቀጠሉ፤ ለጅምላ ነጋዴ የተከፈለ፣ ለኪራይ የተከፈለ። በዚያው ድምፅ የመጨረሻውንም መስመር አነበቡት፦ "ቀሪ፣ አሥራ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር።"

ከዚያ በኋላ ነው ምን እንዳነበቡ የገባቸው። ወረቀቱን ዝቅ አደረጉ። ሲቀላ ሁሉ ሚሊየነር የሚላቸው ሀጂ ሙደሲር! ከኋላ ያሉ ሁለት ነጋዴዎች እርስ በርስ ሲተያዩ አየኋቸው።

"ጨረሱ?" አሉ አማቼ።

"ጨርሻለሁ።"

"ስንት ጊዜ ከፈሉኝ?"

"አንድ ጊዜ" አሉ ኤፍሬም፣ ወረቀቱን እየመለሱላቸው። "መምህር ኦይታ፣ ይቅር ይበሉን።"

ጋሼ ኦይታ አማቼን አቅፈው ያለቅሱ ነበር። ጉባኤው በሙሉ ተነሥቶ ቆመ። እኔም ከመጨረሻው ወንበር ተነሣሁ። እዚያ ቤት የቆሙት ሰው በየቀኑ ምሳ የማቀርብላቸው ሽማግሌ መሆናቸውን ማመን አቃተኝ።

ሰኞ የጅምላ ነጋዴው ደወለ። ከእንግዲህ በዱቤ ዕቃ አይሰጥም፤ ምክንያቱን አልተናገረም፣ እኛም አልጠየቅንም። ረቡዕ እግዱ ተነሣ፤ ጋሼ ኦይታ ስልካቸውን ይዘው ሱቃችን ድረስ መጥተው አሳዩን። አንዱ መስመር ጠፍቷል፣ ገንዘቡም ተመልሷል፣ ቆርቆሮውን ሊገዙ እየሄዱ ነበር።

እሳቸው ከወጡ በኋላ ግማሽ ባዶ የሆነውን መደርደሪያችንን አየሁና አልቻልኩም።

"አባዬ፣ ቀሪው ያለበትን የታችኛውን መስመር ቆርጠን ልንሰጣቸው እንችል ነበር እኮ።"

አማቼ ባዶ ካርቶን እያጠፉ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ፤ ጥያቄው በእርግጥ የገረማቸው ይመስሉ ነበር።

"የተቆረጠ ወረቀት" አሉ፣ "ለመምህሩ ምን ያደርግላቸዋል?"