ከጥሪው በፊት የጠየቅሁት ወረቀት

በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. በዳንግላ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆኜ ስሠራ አምስት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። በመስከረም መጨረሻ አንድ አጭር ደብዳቤ ደረሰኝ። ጸሐፊው አቶ አየነው፣ በቆላ ላለ የጥጥ እርሻ ሠራተኛ የሚመለምል የአዲስ አበባ ሰው ነው። «ለአንተ የሚሆን ጥሩ ሥራ አለ። ሐሙስ በአራት ሰዓት ስልክ ቤት ተገኝ፤ እደውላለሁ» ይላል።

ሥራውን ፈልጌው ነበር። ባለቤቴ ማናለብሽ ስድስት ወሯ ነው፤ የምንኖርበትም ቤት የኪራይ ነው። ነገር ግን የመንግሥት ሥራዬን ከለቀቅሁ ቦታው በሳምንት ይሞላል፤ መመለሻ የለኝም። ስልክ ቤት የተነገረ ቃል ደግሞ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ይሰማዋል እንጂ በእጅ አይቀርም። ስለዚህ ጻፍኩ፦ የሥራው ዝርዝር ሙሉውን፣ ደመወዙ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ፣ ፈተና ካለውም ስንት ጊዜ፣ የትና በማን እንደሚሰጥ። እነዚህ በጽሑፍ ሳይደርሱኝ ለጥሪው አልገኝም አልኩ።

ሐሙስ አልሄድኩም። ዓርብ ጠዋት አያ ቢሻው ጤና ጣቢያው ድረስ መጡ። ሱቃቸው ከገበያው አፍ ላይ ነው፤ ለአቶ አየነው ከየገጠሩ ሰው የሚሰበስቡለት እሳቸው ናቸው።

«ሰው ሲጠራ አቤት ይላል፤ ለምን ጠራኸኝ ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ ያየሁት አንተን ነው» አሉኝ።

«አቤት ካልኩ በኋላ እምቢ ማለት ይከብዳል፣ አያ ቢሻው።»

«ሚስት ስታገባም እንዲህ ዝርዝር አስጻፍክ?»

«የማናለብሽን ቤተሰብ ሰባት ቤት ቆጥረናል።»

ሳቁ። «እንግዲህ ደመወዙ ደህና ነው፤ ሌላውን በስልክ ይነግርሃል።»

«ደህና ማለት ስንት ነው?»

«ሱቄን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት» ብለው ሄዱ።

በዚያው ቀን ደጉ የወባ መርፌውን ሊወጋ መጣ። ደጉ የዘንገና ገበሬ ነው፤ አምና ለጥጥ ለቀማ ወደዚያው እርሻ ወርዶ ነበር። ሙቀቱ ሠላሳ ዘጠኝ ከአራት። ጣፊያው አብጦ ከጎድኑ በታች አራት ጣት ይወርዳል። እዚያ ሳለ ሦስት ጊዜ ታምሞ ድሬሰሩ ዘንድ ቀርቦ ነበር።

«ፊቴን ቀና ብሎ አላየም» አለኝ። «ጤነኛ ብሎ ፈረመ። ከኋላዬ የቆመውም ጤነኛ ነበር። እሱ ማሳው ውስጥ ሞተ።»

አቶ አየነው ሌላ ደብዳቤ ላከ፤ ከፊተኛው የተለየ ነገር የለበትም። እኔም የፊተኛውን ጥያቄ ገልብጬ መለስኩለት። የለቀማው ወቅት ተቃረበበትና በሦስተኛው የእርሻውን ወረቀት፣ በካርቦን የተገለበጠውን፣ ላከልኝ። በዳሩ በእርሳስ «በስልክ ይሻላል ያልኩህ ለዚህ ነው» ብሎበታል።

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የድሬሰሩ ሥራ በየማለዳው የታመሙትን መመልከት ነው፤ የሚታዘዘው ግን ለሐኪም ሳይሆን ለማሳ አለቃው ነው። ከመቶ ሠራተኛ ከሁለት በላይ እንዳያሳርፍ ይላል። ደመወዙ ከመቶ ሃያ እስከ መቶ ስልሳ ብር፤ ያረፈው ሰው ባነሰ ቁጥር ወደ ላይኛው ይጠጋል። ፈተናው ሦስት ነው፦ አዲስ አበባ የጽሑፍ፣ ቀጥሎ የቃል፣ በመጨረሻ እርሻው ላይ አምሳ ሠራተኛ ተሰልፎ በግማሽ ሰዓት መመርመር። የሚያልፈው ጥቂት በሽተኛ ያገኘው ነው።

ደጉን ያላየው ሰው ወንበር ነው የተሰጠኝ። አምስት ዓመት ቁስል ሳጥብ እጄን እንደዚያን ቀን ተጸይፌው አላውቅም።

ማናለብሽ ወረቀቱን ተቀብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«መቶ ስልሳ ለመድረስ ስንት ሰው ይሙት?» አለች። መልሳ ሰጠችኝና ማጀት ገባች።

በማግሥቱ ከስልክ ቤት የጥሪ ወረቀት መጣ፤ አቶ አየነው በስምንት ሰዓት ይጠብቃል ይላል። ከጀርባው «አልገኝም፤ ሥራውን አልፈልግም» ብዬ ጽፌ መለስኩት። አያ ቢሻው ከምሳ በፊት ደረሱ። የእርሻውን ወረቀት አነበብኩላቸው፤ አገጫቸውን እያሹ ሰሙኝ።

«ታዲያ የቆሰበር ጤና ጣቢያውን ድሬሰር ልጠይቀው ይሆን?» አሉኝ። «እሱ እንዳንተ ነገር አያበዛም።»

ይህን ብለው ወጡ።

ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ አያ ቢሻው የሰበሰቧቸው ሃያ ያህል ሰዎች ከሱቃቸው ፊት መኪና ይጠብቁ ነበር። አብዛኞቹ የደጉ አገር ሰዎች ናቸው። ደጉን ደግፌ ወሰድኩትና ከእንጨት ላይ አስቀመጥኩት። እኔ ወረቀቱን በአማርኛ አነበብኩ፤ እሱ በአገውኛ ተረጎመላቸው። ከመቶ ሁለት የሚለው ላይ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ እንድደግምለት ጠየቀኝ። ደገምኩ።

አያ ቢሻው ከሱቃቸው በር ላይ ቆመው ያዩናል።

ሽማግሌው ጋቢውን አራግፎ ተነሣ። «ደመወዛችን ከስንት እስከ ስንት ነው?» ሲል ጠየቃቸው።

«መኪናው ላይ ይነገራችኋል» አሉ።

«እዚሁ ይነገረን» አለና መልሶ ተቀመጠ።